ደመወዝ ሲቀነስ ለባንክ ምን ብለን እንጻፍ? ማራዘሚያ፣ እፎይታ ወይስ ሌላ መንገድ

ባንክ ውስጥ በብድር ክፍል በሠራሁባቸው ዓመታት በጣም የሚያስቸግረኝ ደብዳቤ «የተቻለው ትብብር እንዲደረግልኝ» ብሎ የሚያልቀው ነበር። ምን ትብብር? ደብዳቤው አይነግረኝም። ሰውየው ደመወዙ መቀነሱን፣ ልጆች እንዳሉት፣ ኑሮ መወደዱን ይጽፋል። ሁሉም እውነት ነው። እኔ ግን ለብድር ኮሚቴ የማቀርበው ጥያቄ ያስፈልገኛል፤ ስንት ወር? ወርሃዊ ክፍያው ስንት ይሁን? ከመቼ ጀምሮ? እነዚህ ከሌሉ ደብዳቤው ተመልሶ ወደ ባለቤቱ ይሄዳል፣ ሁለት ሳምንት ይጠፋል፣ በመሐል አንድ ክፍያ ያልፋል።

ስለዚህ ደብዳቤው ከመጻፉ በፊት የሚጠየቀውን መምረጥ ይቀድማል። ምርጫውን በአንድ ሰው ሒሳብ ላይ እንየው።

በግል ድርጅት ውስጥ የምትሠራ የሒሳብ ባለሙያ እናስብ። መኪና በብድር ገዝታለች። ቀሪ ዋና ብድሯ 600,000 ብር ነው፣ ወለዱ በዓመት 16 በመቶ፣ የቀራት ጊዜ 36 ወር። በየወሩ 21,094 ብር ትከፍላለች። እጇ የሚገባው የተጣራ ደመወዝ 64,000 ነበር። ድርጅቱ ሥራ ቀዘቀዘበትና ደመወዝ ቀነሰ፤ አሁን የሚደርሳት 46,000 ነው። ለቤት ኪራይ፣ ለአስቤዛ፣ ለትምህርት ቤትና ለትራንስፖርት ቢያንስ 31,000 ያስፈልጋታል።

ባንኩ እንደ ድሮው 21,094 ሲቆርጥ የሚተርፋት 24,906 ብር ነው። በየወሩ ስድስት ሺህ ያህል ይጎድላታል። የመጀመሪያውን ወር ከተቀማጭ ትሸፍናለች፣ ሁለተኛውን ከእህቷ ትበደራለች። ሦስተኛው ወር ላይ ነው ብዙ ሰው ወደ ባንክ የሚመጣው። ዘግይቷል፤ ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ የተቀነሰው ምን እንደሆነ እንለይ

ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል። የቀነሰው ዋናው ደመወዝ ነው ወይስ አበል? ባንኩ ብድሩን ሲፈቅድ ያሰላው በዋናው ደመወዝ ብቻ ከሆነና አሁን የቀረው የትራንስፖርት ወይም የቤት አበል ከሆነ፣ ኦፊሰሩ ፋይሉን ገልጦ «እኛ ያየነው ደመወዝ እኮ አልተነካም» ሊል ይችላል። ያኔ ጥያቄው አይሞትም፣ ግን ደብዳቤው ሌላ ይሆናል። አበሉ ከኑሮ ወጪ የትኛውን ይሸፍን እንደነበር ማሳየት ይጠይቃል። ስለዚህ የድሮውን የብድር ማመልከቻና ውል አውጥታችሁ ባንኩ የቱን ገቢ እንደያዘ እዩ።

ሁለተኛው ጥያቄ ቅነሳው ጊዜያዊ ነው ወይስ ቋሚ የሚለው ነው። የምትጠይቁት ነገር በዚህ መልስ ላይ ይንጠለጠላል።

እፎይታ መጠየቅ

እፎይታ ማለት ለተወሰኑ ወራት ክፍያ ማቆም ወይም ወለድ ብቻ መክፈል ነው። ጆሮ ላይ ደስ ይላል። ሁለቱ ዓይነቶች ግን በጣም ይለያያሉ።

ወለድ ብቻ ስትከፍል የባለሙያዋ ወርሃዊ ክፍያ 8,000 ብር ይሆናል። 600,000 በዓመት 16 በመቶ ሲሰላ ለአንድ ወር የሚመጣው ወለድ ይኸው ነው። ለስድስት ወር እንዲህ ብትሄድ ዋናው ብድር ሳይነካ 600,000 እንደሆነ ይቆያል። ከዚያ በኋላ ምን ይሆናል? ባንኩ ስድስቱን ወር መጨረሻ ላይ ከጨመረላት ወደ 21,094 ትመለሳለች፤ ያወጣችው 48,000 ብር ተጨማሪ ወለድ ነው። የመጨረሻው ቀን ካልተነካ ግን ያንኑ ዋና ብድር በ30 ወር መጨረስ አለባትና ክፍያው 24,397 ይሆናል። ከበፊቱም ይብሳል።

ክፍያ ጭራሽ ሲቆም ደግሞ ወለዱ በየወሩ በዋናው ላይ ይደመራል። በስድስት ወር ውስጥ 600,000 የነበረው ወደ 649,600 አካባቢ ይደርሳል። ከዚያ በ36 ወር ትክፈለው ቢባል እንኳ ወርሃዊው 22,839 ብር ነው።

እፎይታ የሚያዋጣው ደመወዙ መቼ እንደሚመለስ በጽሑፍ ማስረጃ ላለው ሰው ነው። ድርጅቱ «ከጥቅምት እስከ መጋቢት» ብሎ ደብዳቤ ከጻፈ፣ እፎይታ ከማራዘም ይረክሳል። «ሁኔታው እስኪሻሻል» ከተባለ ግን እፎይታው ሲያልቅ እዚያው ችግር ላይ ትቆማላችሁ። ለዚያውም ኮሚቴው አንዴ ረድቶ ሁለተኛ ሲጠየቅ ፊቱ ይለወጣል።

የመክፈያ ጊዜ ማራዘም

ቅነሳው ቋሚ ወይም ማብቂያው የማይታወቅ ከሆነ የሚጠየቀው ይህ ነው። ቀሪው ብድር ያው ነው፣ ወለዱ ያው ነው፣ ወራቱ ይረዝማሉ። የባለሙያዋ ሒሳብ እንዲህ ይመጣል፤

| ቀሪ ጊዜ | ወርሃዊ ክፍያ | እስከ መጨረሻው የሚከፈል ወለድ | ከክፍያ በኋላ የሚተርፋት |
|---|---|---|---|
| 36 ወር | 21,094 | 159,384 | 24,906 |
| 48 ወር | 17,004 | 216,192 | 28,996 |
| 60 ወር | 14,591 | 275,460 | 31,409 |

እዚህ ላይ ሰው ሁለት ዓይነት ስህተት ይሠራል። አንዱ ወለዱን ብቻ አይቶ ይደነግጥና 48 ወር ይጠይቃል። ወጪዋ 31,000 ነው ብለናል፤ በ48 ወር ሁለት ሺህ ብር በየወሩ ይጎድላታል። ጉድለቱ ትንሽ ይመስላል። በአምስተኛው ወር ግን አሥር ሺህ ይሆንና ክፍያ ይዘልላታል፤ ከዚያ ተመልሳ ሌላ ማራዘሚያ ለመጠየቅ ትገደዳለች። ሁለተኛው ስህተት የሚፈቀደውን ረጅሙን ጊዜ እንዳለ መውሰድ ነው።

ልኩን ለማግኘት እኔ የምጠቀምበት ሲሶ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ከሠራተኛ ደመወዝ ላይ የሚቆርጠው ተደምሮ ከወር ደመወዙ ሲሶ እንዳይበልጥ ይከለክላል። ሕጉ የተጻፈው ለአሠሪ ነው። ግን ለብድርም ጥሩ ልክ ነው፤ ለኦፊሰሩም ወዲያው የሚገባው ቋንቋ ነው። እርግጥ ባንካችሁ የራሱ ጣሪያ ሊኖረው ስለሚችል ጠይቁት። ባለሙያዋ በፊት 64,000 ሲደርሳት ሲሶው 21,333 ነበር፤ ክፍያዋ ከዚያ በታች ነው። አሁን የ46,000 ሲሶ 15,333 ነው። የ48 ወሩ 17,004 ያልፈዋል፣ የ60ው 14,591 ይገባል። ስለዚህ ጥያቄዋ 60 ወር ነው፣ ምክንያቱንም በአንድ ዓረፍተ ነገር ማስረዳት ትችላለች።

116,000 ብር ተጨማሪ ወለድስ? ያማል። ግን ሙሉውን መክፈል ግዴታ አይደለም። ደብዳቤው ውስጥ አንድ መስመር ይጨመር፤ ገቢዬ ሲሻሻል ያለ ቅጣት ከወርሃዊው በላይ መክፈል እንድችል። ለምሳሌ ከሁለት ዓመት በኋላ ደመወዟ ተመለሰ እንበል። ያኔ የሚቀራት ዋና ብድር 415,000 አካባቢ ነው። ከዚያ እንደ ድሮው 21,094 መክፈል ብትጀምር በ23 ወር ትጨርሳለች። ጠቅላላው 47 ወር ይሆናል፣ ተጨማሪው ወለድ ከ116,000 ወደ 75,000 አካባቢ ይወርዳል። ይህች መስመር ከደብዳቤው ሁሉ ውድዋ ናት። ብዙ ሰው አይጽፋትም።

ሌሎቹ መንገዶች፣ ባጭሩ

ከመሥሪያ ቤት የብድርና ቁጠባ ማኅበር ወስዶ የባንኩን ጉድለት መሙላት አለ። ቅነሳው ለሁለት ለሦስት ወር ከሆነ ይሠራል። ከዚያ ካለፈ ግን ሁለት ብድር ተሸከማችሁ ማለት ነው፤ ማኅበሩም ከዚያው ከተቀነሰው ደመወዝ ላይ ይቆርጣል።

መኪናውን ሽጦ መገላገልም አለ። መኪናው የባንኩ መያዣ ስለሆነ ያለ ባንኩ ፈቃድ ስም አይዛወርም። ገዢው ቀሪውን ብድር ለባንኩ ይከፍልና ባንኩ እገዳውን ያነሳል። መኪናው ለሥራ ካላስፈለገና ዋጋው ከብድሩ በደንብ ከበለጠ፣ ይህን ከማራዘም አስበልጣለሁ። ግን ሳትቸኩሉ፣ ክፍያ ሳይዘገይ መሆን አለበት። የተቸገረ ሻጭ ደላላው ከሩቅ ያውቀዋል።

ደብዳቤው ራሱ

አሁን ሁለት ደብዳቤ እናወዳድር። የመጀመሪያው ብዙ ጊዜ ያየሁት ዓይነት ነው፤

> ከእናንተ ባንክ ብድር መውሰዴ ይታወቃል። ነገር ግን በአሁኑ ሰዓት ባለው የኑሮ ውድነትና በመሥሪያ ቤቴ በገጠመኝ ችግር ምክንያት ብድሩን በወቅቱ መክፈል ስላልቻልኩ የተቻለው ትብብር እንዲደረግልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

«መክፈል ስላልቻልኩ» የሚለውን ተመልከቱ። እስካሁን አንድም ክፍያ አላሳለፈችም፤ ቃሉ ግን አልከፈልኩም እንዳለች ያስቆጥርባታል። «የኑሮ ውድነት» ደግሞ ሁሉንም ተበዳሪ የሚመለከት ስለሆነ ለእሷ ብቻ የተለየ ምክንያት አይሆንም። ሁለተኛው እንዲህ ነው፤

> ቀን፡ ጥቅምት 5 ቀን 2018 ዓ.ም
>
> ለ……… ባንክ
> ……… ቅርንጫፍ
> አዲስ አበባ
>
> ጉዳዩ፡ የብድር መክፈያ ጊዜ እንዲራዘምልኝ ስለመጠየቅ
>
> በብድር ሒሳብ ቁጥር ……… ከባንካችሁ የተሽከርካሪ መግዣ ብድር ወስጄ እስካሁን ያሉትን ክፍያዎች በሙሉ በወቅቱ ፈጽሜያለሁ። በዛሬው ዕለት ቀሪው ዋና ብድር ብር 600,000፣ ቀሪው ጊዜ 36 ወር፣ ወርሃዊ ክፍያው ብር 21,094 ነው።
>
> የምሠራበት ድርጅት ከመስከረም 1 ቀን 2018 ዓ.ም ጀምሮ ደመወዜን በመቀነሱ የተጣራ ወርሃዊ ገቢዬ ከብር 64,000 ወደ ብር 46,000 ወርዷል። ድርጅቱ ቅነሳው የሚያበቃበትን ጊዜ አልገለጸም። አሁን ያለው ክፍያ ከተጣራ ገቢዬ 46 በመቶ ያህሉን ይወስዳል።
>
> በመሆኑም፣
>
> ቀሪው የመክፈያ ጊዜ ከ36 ወር ወደ 60 ወር እንዲራዘምልኝና ወርሃዊ ክፍያው ከኅዳር ወር 2018 ዓ.ም ጀምሮ በዚሁ መሠረት እንዲስተካከልልኝ፣ በእኔ ስሌት ብር 14,591 አካባቢ ይሆናል፤
>
> የወለድ መጣኔው አሁን ባለው ውል እንዲቀጥል፤
>
> ገቢዬ ሲሻሻል ያለ ቅጣት ከወርሃዊ ክፍያው በላይ መክፈል እንድችል
>
> በአክብሮት እጠይቃለሁ። ውሳኔው እስኪሰጠኝ ድረስ በነባሩ ውል መሠረት መክፈሌን እቀጥላለሁ። የደመወዝ ቅነሳ ደብዳቤ፣ የሦስት ወር የደመወዝ መግለጫና የሒሳብ መግለጫ … ገጽ አያይዣለሁ።
>
> ከሠላምታ ጋር
> ስም፣ ፊርማ፣ ስልክ

አንድ ገጽ አይሞላም። ስለ ልጆቿም ሆነ ስለ ኪራይ አልተናገረችም። ኦፊሰሩ ሲያነጋግራት ይነሳል፤ ደብዳቤው ላይ ግን ቁጥሩ ይበቃል። «አካባቢ ይሆናል» ያለችው ሆን ብላ ነው፤ ባንኩ ወለድን በቀን ቆጥሮ ሊያሰላ ይችላልና ትንሽ ብር ወዲህ ወዲያ ይላል።

አንድ አከራካሪ ነጥብ አለ። የወለድ መጣኔውን መጥቀስ ይገባል? አንዳንድ የድሮ ባልደረቦቼ «የተኛን ውሻ አትቀስቅሱ» ይላሉ። እኔ አልስማማም። ማራዘሚያ ሲፈቀድ ተጨማሪ ውል ይፈረማል፣ በዚያ አጋጣሚ መጣኔው ወደ ወቅቱ ዋጋ ከፍ ሊል ይችላል። በደብዳቤ ከጠየቃችሁ መልሱም በጽሑፍ ይመጣል። ካልጠየቃችሁ ፊርማ ቀን ላይ ውሉ ውስጥ ታገኙታላችሁ።

አባሪዎቹና የሚያሰናክሉት

ድርጅቶች «ደመወዝ ቀንሰናል» ብለው ማኅተም አድርገው መጻፍ አይወዱም። አሠሪው እምቢ ካለ አታስጨንቁት፤ የአሁኑን ደመወዝ ብቻ የሚገልጽ ደብዳቤ ለባንኩ እንዲጽፍ ጠይቁት። እሱን ብድሩ ሲወሰድ ከቀረበው የድሮ ደብዳቤ ጋር አስተያይቶ ልዩነቱን ኦፊሰሩ ራሱ ያየዋል።

የሒሳብ መግለጫው ይነበባል። በየወሩ ወደ አንድ ሰው የሚሄድ እኩል ገንዘብ ካለ «ይህ ምንድነው?» መባሉ አይቀርም። አብዛኛውን ጊዜ ዕቁብ ነው። ዕቁብ ነውር አይደለም፣ ግን በወር አሥር ሺህ ዕቁብ እየጣሉ ስድስት ሺህ ጎደለኝ ማለት አያስኬድም። ዕቁቡን ከቀነሳችሁ ወይም ዕጣው መቼ እንደሚወጣ ካወቃችሁ ሳትጠየቁ ተናገሩ።

ዋስ ካለ አስቀድማችሁ ንገሩት። ጊዜው ሲረዝም የእሱም ኃላፊነት ይረዝማል፣ ባንኩም ተጨማሪውን ውል እንዲፈርም ይጠራዋል። ከባንኩ ስልክ ተደውሎለት የሰማ ዋስ መፈረሙን ይተወዋል። ባለትዳር ከሆናችሁ የባል ወይም የሚስት ፊርማም ሊጠየቅ ይችላል።

ለምን ቶሎ

ሦስተኛው ወር ላይ መምጣት ዘግይቷል ያልኩት በቀን ቆጠራው ምክንያት ነው። ክፍያ 90 ቀን ካለፈው ብድሩ በብሔራዊ ባንክ መመሪያ መሠረት ከተበላሹ ብድሮች ይመደባል። ያኔ ባንኩ ለብድሩ ከበፊቱ ከፍ ያለ መጠባበቂያ መያዝ አለበት፤ ፋይሉ ከቅርንጫፉ ወጥቶ ወደ ብድር ማስመለሻ ክፍል ይሄዳል። እዚያ የሚያናግሯችሁ ሰው የቅርንጫፉ ኦፊሰር አይደለም፣ ጥያቄውም «ስንት ወር?» መሆኑ ቀርቶ «ውዝፉን መቼ ትከፍላለህ?» ይሆናል። በብድር መረጃ ማዕከል ላይም ሌሎች ባንኮች ያዩታል። ከዚያም ካለፈ ባንኩ በሕጉ መሠረት ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መያዣውን ያለ ፍርድ ቤት ውሳኔ መሸጥ ይችላል።

ምርጡ ጊዜ የቅነሳው ደብዳቤ በእጃችሁ በገባበት ሳምንት ነው። ለቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ አስገቡት እንጂ በቀጥታ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት አትሂዱ፤ ወደ ቅርንጫፉ መመለሱ አይቀርም። ሁለት ቅጂ ይዛችሁ ሂዱና በእናንተ ቅጂ ላይ የገቢ ማኅተምና ቀን አስደርጉ።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው አደገኛ ቃል «ይታያል፣ አይዞሽ» ነው። አንዲት ደንበኛ ይህን ሰምታ እንደተፈቀደላት ቆጥራ 14,000 ብቻ ማስገባት ጀመረች። ሥርዓቱ ግን የሚያውቀው የድሮውን ክፍያ ነበር። ያስገባችው ሁሉ እንደ ጎደለ ተቆጠረ፣ የቅጣት ወለድም ተጨመረበት። ኮሚቴው ሲሰበሰብ «ውዝፍ ያለባት» ሆና ቀረበች። ተጨማሪው ውል እስኪፈረም ድረስ የድሮው ውል ነው የሚሠራው። ለሁለት ለሦስት ወር ያህል ሙሉውን የምትከፍሉበት ገንዘብ ከየትም ቢሆን ቀድማችሁ አዘጋጁ። ከዘመድ መበደር ካለባችሁ ጊዜው ይህ ነው።

ሲፈቀድ ከመፈረማችሁ በፊት አዲሱን የክፍያ ሠንጠረዥ ጠይቁ። የመጀመሪያው መስመር ላይ ዋናው ብድር 600,000 መሆኑን እዩ፤ ከፍ ካለ ያልነገሯችሁ ክፍያ ወይም ወለድ ተደምሮበታል። መስመሮቹን ቁጠሩ፣ 60 መሆን አለባቸው። በመጨረሻም የመኪናው ሙሉ ኢንሹራንስና የብድር ሕይወት ዋስትና እስከ አዲሱ ማብቂያ ቀን መቀጠል ስላለባቸው ዓመታዊ አረቦኑ ስንት እንደሚመጣ ጠይቁ፤ ባለሙያዋ በወር ከወጪዋ የሚተርፋት 409 ብር ብቻ ነውና ያ ክፍያ ከየት እንደሚመጣ ከአሁኑ ማወቅ አለባት።